ለአዲስ ምርት ስም አወጣጥ፦ ከ60 ስም ወደ አንድ

የምሠራው የማሸጊያ ዲዛይን ነው። ሰው ወደኔ የሚመጣው ለሎጎና ለሌብል ቢሆንም ቁጭ ብለን ስናወራ ነገሩ ሁሌም አንድ ቦታ ያርፋል፤ «ቆይ ግን ስሙን ምን ልበለው?» በስልክም በቴሌግራምም የሚመጣው ያው ጥያቄ ነው። አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ልላክለት ብዬ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምርት እንያዝ። ምጥን ሽሮ ነው። በግማሽ ኪሎና በኪሎ ታሽጎ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል፤ ቆይቶ ደግሞ ዋሽንግተንና ዱባይ ላለው አበሻ ይላካል። ከታች የማነሳቸው ስሞች ለማሳያ ብቻ ናቸው። አንዱን ከወደዳችሁት ማጣሪያውን ራሳችሁ ከመጀመሪያው አሳልፉት።

የሚያስፈልጋችሁ

- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ወይም ኤክሴል
- ካርድ ያለው ስልክ (ብዙ ትደውላላችሁ)
- ኢንተርኔት
- ከቤተሰብ ውጭ የሆኑ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች። ከእነሱ መካከል አንድ ባለሱቅ፣ አንድ አፍ መፍቻው አማርኛ ያልሆነ ሰውና ውጭ አገር ያደገ አንድ ወጣት ቢኖሩ ጥሩ ነው
- አንድ ሳምንት ገደማ ጊዜ። በአንድ ማታ የሚያልቅ ሥራ አይደለም

ደረጃ 1፦ ገዢው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ጻፉ

ስም ከማሰባችሁ በፊት ምርቱ የሚጠራበትን ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለሽሮአችን «የ______ ሽሮ አለ?» የሚል ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሰው አይቶ ያነሳል፤ ሰፈር ሱቅ ውስጥ ግን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ በአፉ ይጠይቃል። ባዶ ቦታው ላይ ገብቶ አፍ ላይ የሚደናቀፍ ስም ሱቅ ውስጥ አይጠራም። ገዢው «ያንን ቢጫውን ስጠኝ» ይላል፣ ባለሱቁም በእጁ የገባውን ቢጫ ያቀብለዋል።

ከሥሩ ሁለት ነገር ጨምሩ፦ ምርቱ የት የት እንደሚሸጥ፣ እና በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ሌላ ምርት ልትጨምሩ እንደምታስቡ። ለእኛ መልሱ «አዲስ አበባ፣ አሜሪካና የባሕረ ሰላጤው አገሮች፤ በኋላ በርበሬና ሚጥሚጣ» ነው። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ወደ ታች ስንወርድ ወሳኝ ትሆናለች።

ደረጃ 2፦ ሳትመርጡ 60 ስም ሰብስቡ

በሁለት የተለያዩ ቀናት ተቀመጡና ጻፉ። አንዱንም አትሰርዙ። ቁጥሩ ለምን በዛ? የመጀመሪያዎቹ ስሞች ለሁሉም ሰው ስለሚመጡ ነው። ሰላም፣ ሸገር፣ ሐበሻ፣ ዋልያ፣ አባይ፣ አዋሽ፣ ዳሽን... እነዚህ ቶሎ ትዝ የሚሉን ባንክ፣ ቢራና ካፌ ላይ ስላየናቸው ነው። ጥሩው ስም የሚመጣው እነሱ ካለቁ በኋላ ነው።

ሐሳብ ሲደርቅባችሁ ከተለያየ አቅጣጫ ቅዱ። ከዕቃ፦ መሶብ፣ ሌማት፣ ጉልቻ፣ ሙዳይ። ከአሠራር፦ ቁሌት፣ እፍታ። ከቦታ፦ ጓዳ። ከቅመሙ፦ ዛላ፣ ለጋ። ከስሜት፦ ጤና። ከምግቡ ራሱ፦ ምጥን፣ ተጋቢኖ፣ ቦዘና።

ደረጃ 3፦ በሕግም በገበያም የማያዋጡትን በእስክሪብቶ አውጡ

ማጣሪያው ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳል። እስክሪብቶ ነጻ ነው፣ ስልክ ትንሽ ያስወጣል፣ የንግድ ምልክት ምዝገባ ደግሞ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። ስለዚህ በእስክሪብቶ መውጣት የሚችለውን ወደ ውዱ ደረጃ አታሳልፉት።

እዚህ የሚወጡት ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ዕቃውን ራሱን የሚገልጹ ናቸው። ምጥን፣ ተጋቢኖ፣ ቦዘና ሁሉም የሽሮ ዓይነት ናቸው። የንግድ ምልክት አዋጁ (ቁጥር 501/1998) የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚገልጽ ቃል በግል ምልክትነት አይቀበልም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ «ተጋቢኖ» የእናንተ ብቻ ከሆነ ጎረቤታችሁ የራሱን ተጋቢኖ ምን ብሎ ይሽጠው? ቁሌትም አብሮ ይወጣል። የተዘጋጀ ቁሌት አሽጎ የሚሸጥ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ሽሮ ላይ ስትለጥፉት ደግሞ ገዢው ውስጡ ቁሌት ያለ ይመስለዋል።

ሁለተኛዎቹ የቦታ ስሞች ናቸው። በተለይ ቡና የምትሸጡ ተጠንቀቁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በራሱ ስም ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 አመልክቶ ነበር። ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተነስቶ በ2007 በስምምነት አልቋል። እነዚህን ስሞች የግል ብራንድ አደርጋለሁ ማለት የሌላ ሰው ቤት ላይ በር መግጠም ነው።

ሦስተኛዎቹ ሌላ ነገር ቀድሞ የተቆጣጠራቸው ናቸው። ሌማት ሲባል አሁን ሰው የሚያስበው «የሌማት ትሩፋት»ን ነው። መሶብ በሚል ስም የተከፈተ የአበሻ ምግብ ቤት በውጭ ከተሞች ሞልቷል። ጉልቻስ? ቃሉ ሸጋ ነው፤ ግን ገዢያችሁ በሰማ ቁጥር «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» ማለቱ አይቀርም። የወጥ ምርት ላይ ይህ ተረት ተለጥፎ አይሸጥም።

ደረጃ 4፦ በስልክ ፈትኑ

የቀሩትን ስሞች በስልክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትደግሙ ተናገሩ። በአካል አይሁን። በአካል ከንፈር ይነበባል፤ ስልክ ላይ ግን ጆሮ ብቻ ነው የቀረው። «ከሰማኸው ጻፍልኝና ላክልኝ» በሉ። የመጣው ጽሑፍ እናንተ ካላችሁት የተለየ ከሆነ ስሙ ለጆሮ ደካማ ነው።

ከዚያ ገልብጡት። ስሙን ጽፋችሁ ላኩና ድምፅ ቀድተው እንዲመልሱ ጠይቁ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ለጋ» ጥሩ ምሳሌ ነው። ሲላላ ለጋ ቅቤ ነው፣ ሲጠብቅ ኳስ ለጋ ነው። እናንተ ቅቤውን እያሰባችሁ ግማሹ ሰው ኳሱን ካነበበ ማስታወቂያ ላይ ብር አፍስሳችሁ ታስተምሩታላችሁ።

የማስታወስ ፈተናው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ለእነዚያው ሰዎች ደውሉና «ባለፈው ከነገርኩህ ስሞች የቱ ትዝ ይልሃል?» በሉ። ፍንጭ አትስጡ። «ያ በጓ የሚጀምረው...» ካላችሁ ፈተናው ተበላሸ። ሳይጠየቅ የሚመጣው ስም ሱቅ ላይም የሚመጣው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ የያዘው ሰው ምንጊዜም «ያምራል» ነው የሚላችሁ። ያደረገውን እዩ እንጂ ያለውን አትመዝግቡ። ጽፎታል? አንብቦታል? አስታውሶታል?

ደረጃ 5፦ በእንግሊዝኛ ፊደል አስጽፉ

ብዙ ጥሩ የአማርኛ ስም የሚወድቀው እዚህ ነው። ዌብሳይት፣ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ ውጭ አገር ያለ ሱቅ፣ ሁሉም በላቲን ፊደል ነው የሚሠራው። አንድ ስም አራት ዓይነት ከተጻፈ ደንበኛችሁ ፈልጎ አያገኛችሁም።

አምስቱን ሰዎች «ይህን ስም ጉግል ላይ ብትፈልገው እንዴት ትጽፈዋለህ?» በሏቸው። ሳይማከሩ ይላኩላችሁ። ችግር የሚፈጥሩት በአብዛኛው ሁለት ናቸው። አንደኛው ሳድስ ነው፤ አንዱ በ e፣ ሌላው በ i ይጽፈዋል፣ ሦስተኛው ጭራሽ ይዘለዋል። ሁለተኛው እንደ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ያሉት ድምፆች ናቸው። ቀ K ይሁን Q ሰው አይስማማም። ጠ ደግሞ ከተ ጋር አንድ ይሆናል።

ሁለት የአጻጻፍ ዓይነት ከመጣ ስሙ ይቆያል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከመጣ ይውጣ። የእኛ ዝርዝር ላይ ይህን ይመስላል፦

```
እፍታ   Efta, Ifta, Efita, Ifita
ጓዳ    Guada, Gwada
ዛላ    Zala
ሙዳይ   Muday, Mudai
ጤና    Tena
```

በደንቡ መሠረት እፍታ እዚሁ ማብቃት አለበት። አንጀት አልቆርጥ ስለሚል ግን ለትምህርት ያህል ወደሚቀጥለው እናሳልፈው።

ደረጃ 6፦ በሌላው ጆሮ ምን እንደሆነ እዩ

ያገኛችሁትን የላቲን አጻጻፍ ጉግል ላይ ጻፉና የመጀመሪያውን ገጽ ተመልከቱ። ምስሎቹንም ክፈቱ።

ጤና ለምግብ ከዚህ የተሻለ ስም የሌለ ይመስላል። በላቲን ሲጻፍ ግን TENA ነው። TENA ደግሞ ሽንት መቆጣጠር ለሚያቅታቸው አዋቂዎች የሚሆን፣ በብዙ አገሮች የታወቀ የዳይፐር ብራንድ ነው። አሜሪካ መደርደሪያ ላይ ሽሮአችሁ በዚህ ስም ሲቀመጥ ይታያችሁ። ሙዳይ ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲያነበው መጀመሪያ የሚያየው Mud ነው፤ ጭቃ። የጆሮ ጌጥ ብትሸጡበት ላያስቸግር ይችላል፣ ዱቄት ላይ ግን አይሆንም።

እፍታስ? Efta ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣው EFTA፣ የአውሮፓ ነጻ የንግድ ማኅበር ነው። እሱን ቀድማችሁ ገጹ ላይ መውጣት ዘበት ነው። Ifta ካላችሁ ደግሞ በዓረብኛ ፈትዋ መስጠት ማለት ነው፤ ዱባይ ላይ ለሽሮ የሚሆን ስም አይደለም። በሁለቱም በኩል ተዘጋ።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመሸጥ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። መደበኛው ዓረብኛ «ፕ» እና «ቭ» የሉትም። ፕ ያለበት ስም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ብ ይሄዳል። አገር ውስጥም አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛና ሶማልኛ ተናጋሪ ሰዎችን ጠይቁ። ጥያቄው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብቻ አይሁን። «ሲሰማ ምን ይመስላል? የሚያሳፍር ነገር ይመስላል?» ብላችሁ ጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ዶሜይን

አሁን ሁለት ስም ቀርቶናል፤ ጓዳና ዛላ። ዶሜይን ማለት የዌብሳይታችሁ አድራሻ ነው። lookup.icann.org ላይ ገብታችሁ ስሞቹን ከነ.com አንድ በአንድ ጻፉ። ነጻ ከሆነ መዝገብ የለም ይላችኋል። ከተያዘ መቼ እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያበቃ ያሳያችኋል።

አራትና አምስት ፊደል ያላቸው የ.com ስሞች አብዛኞቹ የተያዙ ናቸው፤ ስለዚህ guada.com ወይም zala.com ተይዞ ብታገኙት አትደንግጡ። ዋናው ጥያቄ ማን ይዞታል የሚለው ነው። አድራሻውን ክፈቱት። «ለሽያጭ» የሚል ባዶ ገጽ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ አንድ ቃል ጨምራችሁ እለፉ። ምግብ የሚሸጥ ድርጅት ከሆነ ግን ስሙን ተዉት። ደንበኛችሁ እየተሳሳተ እሱ ጋ ይሄዳል፣ እሱም ጠበቃ ሊልክባችሁ ይችላል።

የምትጨምሩት ቃል ምርቱን የሚያስር አይሁን። guadashiro ካላችሁ ነገ በርበሬ ስትጀምሩ አድራሻው ይጠባችኋል። guadafoods ሰፋ ይላል። ሰረዝ አታስገቡ፤ በአፍ ሲነገር «ጓዳ ሰረዝ ፉድስ» ማለት ያስቸግራል፣ ሰውም ይረሳዋል። ገበያችሁ አገር ውስጥ ብቻ ከሆነ .com.et ይበቃል፤ የ.et አድራሻዎችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ሁለት የአጻጻፍ ዓይነት ያለውን ስም ከመረጣችሁ ሁለቱንም ግዙ። guadafoods ዋናው ይሁን፣ gwadafoods የጻፈ ሰው ደግሞ ወደዚያው ይዙር። በዚያው ዕለት የቴሌግራም፣ የቲክቶክና የኢንስታግራም ስሞቹን ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከዚህ አገር ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው ዶሜይኑን ውጭ ባለ ዘመድ ወይም ዌብሳይት በሚሠራለት ልጅ ካርድ ያስገዛል። ይክፈሉላችሁ፣ ችግር የለውም። ግን የባለቤቱ ስምና ኢሜይሉ የእናንተ ይሁን፣ የይለፍ ቃሉም እናንተ ጋ ይቀመጥ። በእነሱ ስም ከተመዘገበ በወረቀት ባለቤቱ እነሱ ናቸው። ኪራዩ በየጊዜው ይታደሳል፤ ያ ካርድ ሲዘጋ አድራሻችሁም አብሮ ይዘጋል።

ደረጃ 8፦ ሁለቱን በቁጥር አወዳድሩ

እስካሁን የነበሩት በሮች ናቸው፤ ያለፈ አለፈ፣ የወደቀ ወደቀ። ነጥብ የሚሰጠው አሁን፣ ለቀሩት ብቻ ነው። ይህን የምለው ብዙ ሰው 60ውን ስም በአንድ ሠንጠረዥ አስገብቶ ስለሚደምር ነው። እንደዚያ ከተደረገ «ጤና» ለመጥራትም ለማስታወስም ሙሉ ነጥብ አግኝቶ አንደኛ ይወጣል። ዳይፐሩን የሚይዝ ዓምድ የለማ!

እያንዳንዱን መስፈርት ከ5 ስጡ፣ በክብደቱ አባዙ።

| መስፈርት | ክብደት | ጓዳ | ዛላ |
|---|---|---|---|
| ለመጥራት ቀላል | 3 | 5 | 5 |
| ከሁለት ቀን በኋላ የሚታወስ | 3 | 4 | 4 |
| አንድ የላቲን አጻጻፍ | 2 | 3 | 5 |
| ዶሜይን | 2 | 3 | 3 |
| ለወደፊቱ ምርት የሚሆን | 2 | 5 | 1 |
| ድምር (ከ60) | | 49 | 45 |

ዛላ በአጻጻፍ በልጦ ሳለ የወደቀው በመጨረሻው መስፈርት ነው። ደረጃ 1 ላይ «በኋላ በርበሬ» ብለን ነበር። ዛላ በርበሬ ደግሞ የዕቃው ስም ነው። ሽሮ ላይ ልዩ የነበረው ስም በርበሬ ላይ ሲለጠፍ ተራ ቃል ይሆናል፤ ደረጃ 3 ላይ ተጋቢኖን ያስወጣው ምክንያት ማለት ነው። በርበሬ ባንጨምር ኖሮ ዛላ ያሸንፍ ነበር። ጓዳ ግን ለሁሉም ይሆናል፤ «የጓዳ ሽሮ አለ?» «የጓዳ በርበሬስ?» ሲባል ቤት የተሰናዳ ነገርም ይመስላል።

ደረጃ 9፦ ከማተማችሁ በፊት ምዝገባውን አጣሩ

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ይለያያሉ። የንግድ ስም ፈቃዳችሁ ላይ ያለው ነው፣ በንግድ ቢሮ በኩል ይመዘገባል። የንግድ ምልክት ደግሞ ላስቲኩ ላይ ያለው ነው፤ የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ንግድ ፈቃዱ ላይ «ጓዳ» ስለተባለ ብቻ ሌላ ሰው ያንን ስም በምልክትነት እንዳያስመዘግብ አትከላከሉም።

መጀመሪያ በራሳችሁ ፈልጉ። branddb.wipo.int የብዙ አገሮችን ምልክቶች በነጻ ያሳያል። ለአሜሪካ ደግሞ uspto.gov ላይ ፈልጉ። ስትፈልጉ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውንም ሞክሩ፤ Guada ብቻ ሳይሆን Gwada እና Guadda። ዕቃዎች በምድብ ይከፈላሉ፤ ዱቄት፣ ቅመማ ቅመምና ቡና ምድብ 30 ውስጥ ናቸው። በዚያ ምድብ ተመሳሳይ ስም ካለ ተመለሱና ሁለተኛውን ስም አንሱ። በልብስ ምድብ ውስጥ ቢኖር ግን ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ከዚያ ባለሥልጣኑ ዘንድ አስጣሩና አመልክቱ። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። የሚሠራው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ስለሆነ አሜሪካ ለመሸጥ ስትነሱ እዚያም ለብቻው ታመለክታላችሁ።

መልሱን እየጠበቃችሁ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አድርጉ። ስሙን በወረቀት አትሙና በሌላ ሽሮ ላስቲክ ላይ ለጥፉት። የምታውቁት ባለሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሌሎቹ ጋር ያስቀምጥላችሁ። ሦስት እርምጃ ርቃችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። ስሙ በግዕዙም በላቲኑም ካልተነበበ ችግሩ የፊደሉ መጠን ነው፣ ስሙን አትቀይሩ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- የልጆችን ስም የመጀመሪያ ፊደላት መገጣጠም። ለእናንተ ትርጉም አለው፣ ለገዢው ግን የሚይዘው ነገር የለውም። የማስታወስ ፈተናውን ሲያልፍ አላየሁም።
- ፊት ላይ «ኢትዮ» መለጠፍ። ኢትዮ ያለበት ድርጅት ከመብዛቱ የተነሳ ሰው የሚያስታውሰው ኢትዮን ብቻ ነው፣ የቀረውን ይረሳዋል።
- ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ ያለበትን ስም አንድ ቦታ በአንዱ፣ ሌላ ቦታ በሌላው መጻፍ። ላስቲኩ፣ ማመልከቻውና ቴሌግራሙ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሲጀመር የትኛው እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ።
- አሸናፊውን ብቻ ይዞ ሌላውን መጣል። ሁለተኛውን ስም ከነውጤቱ አስቀምጡት። ምዝገባው ውድቅ ቢሆን ከ60 አትጀምሩም።
- ምዝገባው ሳያልቅ ብዙ ሺ ላስቲክ ማሳተም። ማተሚያ ቤቱ «ብዙ ስታሳትሙ ይረክሳል» ይላችኋል፣ ልክ ነው። ስሙ ከተከለከለ ግን ያ ሁሉ ላስቲክ ቆሻሻ ነው። የመጀመሪያውን ዙር በባዶ ላስቲክና በተለጣፊ ሌብል ውጡ።